ሦስት፣ አራት፣ አምስት፦ የቤት ማዕዘን ሲወጣ የምንስታቸው ነገሮች

«30፣ 40፣ 50 ሴንቲ ለካሁ፣ ያው ሦስት አራት አምስት ነው»

ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 የሆኑ ሦስት ማዕዘን፣ በ3ና በ4 መካከል ያለው ማዕዘኑ ልክ 90 ዲግሪ ይሆናል፤ የቤት ማዕዘን የምናወጣውም በዚህ ነው። በሴንቲም ሆነ በሜትር ሒሳቡ ያው ነው፤ ስህተቱ ግን ያው አይደለም። ሲባጎ ውፍረት አለው፣ በእስክሪብቶ ያደረግነው ምልክትም ወርድ አለው። ግማሽ ሴንቲ መሳት ጎበዝ ግንበኛም ላይ ይደርሳል። 50 ሴንቲው ላይ ግማሽ ሴንቲ ከሳትን፣ 10 ሜትር ርቀን ስንደርስ ግድግዳው 21 ሴንቲ ያህል ከመስመሩ ወጥቶ እናገኘዋለን። በ3፣ 4፣ 5 ሜትር ብንሠራ ኖሮ ያችው ግማሽ ሴንቲ የምታሳስተን 2 ሴንቲ ገደማ ነበር። በ6፣ 8፣ 10 ሜትር ከሆነ ወደ 1 ሴንቲ ትወርዳለች። የብረት ስኳድራም ክንዱ አጭር ስለሆነ ችግሩ እንደ 30፣ 40፣ 50ው ነው። ግቢው እስከፈቀደ ድረስ ትልቁን ሦስት ማዕዘን ምረጡ።

ፊቱ 10 ሜትር፣ ጎኑ 8 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። መጀመሪያ የፊቱን ሲባጎ ወጥሩ። መነሻው ጥግ ላይ ካስማ ምቱ፣ አናቱ ላይ ምስማር ይኑር። ከምስማሩ ተነስታችሁ በፊቱ ሲባጎ ላይ 8 ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያው ምስማር የሚነሳው የጎን ሲባጎ ላይ ደግሞ 6 ሜትር። አሁን ከምልክት ወደ ምልክት ለኩ። ከ10 ሜትር ካነሰ ማዕዘኑ ጠቧል፣ የጎኑን ሲባጎ ወደ ውጭ ግፉት። ከበለጠ ወደ ውስጥ መልሱት። የፊቱ ሲባጎ አይነካም። ሁለቱንም ማንቀሳቀስ ከጀመራችሁ ስታሳድዱት ትውላላችሁ።

የጎኑን ሲባጎ ባንቀሳቀሳችሁት ቁጥር 6 ሜትሩን እንደገና ለኩ። ሲባጎ ይለጠጣልና የቅድሙ ምልክት ቦታውን ሊለቅ ይችላል።

«ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከመጡ አለቀ»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ያው 10 በ8 ቤት ላይ ሁለቱ ጎኖች በትክክል 8 ሜትር ሆኑ እንበል። ፊቱም 10 ሜትር ነው። ጀርባው ግን ከግራም ከቀኝም 10 ሴንቲ ወደ ውስጥ ገብቶ 9.80 ሜትር ሆነ። ሰያፎቹን፣ ማለትም ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለውን ርቀት፣ ስትለኩ ሁለቱም 12.73 ሜትር ይመጣሉ። እኩል ናቸው፣ ቤቱ ግን ወደ ኋላ ጠቧል፤ አራቱም ማዕዘን ልክ አይደለም።

ስለዚህ ከሰያፉ በፊት አራቱንም ጎን ለኩ፤ ፊትና ጀርባው፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለባቸው። ሌላው መከላከያ ሰያፉ ስንት መምጣት እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ነው። 10 ሲባዛ በ10፣ 8 ሲባዛ በ8፣ ተደምረው 164፤ የዚህ ካሬ ሩት 12.806 ነው። ስልክ ላይ ባለ ካልኩሌተር ይወጣል። 12.73 ያየ ሰው ከ7 ሴንቲ በላይ እንደጎደለው ወዲያው ያውቃል። ይህን ሳያይ የገነባ ግን የሚነቃው ሴራሚክ ሲነጠፍ ነው፤ የመጨረሻው ረድፍ አንዱ ጫፍ ሰፍቶ ሌላው እየቀጠነ ሲሄድ።

«ከአጥሩ ጋር ትይዩ ከሆነ ልክ ነው»

አንዱን መስመር ከአጥሩ ተነስታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ሁለተኛውን ግን አይደለም፤ ግቢያችን ራሱ ልክ አራት ማዕዘን ላይሆን ይችላል።

«ሜትሩን መሬቱ ላይ ዘርግተን እንለካለን»

ሜዳ ላይ ይሠራል። 8 ሜትር ውስጥ 80 ሴንቲ የሚወርድ መሬት ላይ ግን፣ መሬቱን ተከትላችሁ 8 ሜትር ብትለኩ ትክክለኛው አግድም ርቀት 7.96 ነው፤ 4 ሴንቲ ጠፋ። ሦስት ማዕዘኑም አብሮ ይዛባል። በታችኛው በኩል ረጅም ካስማ ትከሉና ሲባጎዎቹን ሁሉ በአንድ ከፍታ ወጥሩ። ከፍታውን ለማስተካከል ውሃ የተሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ ይበቃል፤ ውስጡ አየር እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ። ከዚያ መለካት ያለበት በሲባጎው ላይ ነው። ወደ መሬት የምትወርዱት በቱንቢ ነው።

«ካስማው ጥጉ ላይ ተመቷል፣ ምን ይሆናል?»

ቁፋሮው ሲጀመር መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። በየጥጉ ከቁፋሮው ጠርዝ ቢያንስ 1 ሜትር ወጣ ብላችሁ ሁለት ሁለት እንጨት ትከሉ፣ አግዳሚ ጣውላ ምቱባቸው። ሲባጎው የሚያልፍበት ቦታ ጣውላው ላይ ምስማር ይመታ። ለቁፋሮ ሲባጎው ይፈታል፣ ምስማሩ ይቀራል። ተቆፍሮ ሲያልቅ መልሳችሁ ወጥሩና ሰያፎቹን ድጋሚ ለኩ፤ አፈር የጫነ ጋሪ አንዱን ጣውላ ገፍቶት ሊሆን ይችላል። 12.806 ከመጣ፣ ሁለቱ ሲባጎዎች ከሚቆራረጡበት ቱንቢ አውርዳችሁ ጥጉን ጉድጓዱ ውስጥ ምልክት አድርጉ።