ምን እንደሚፈለግ ሳይነገር የተሰጠ የኤክሴል ፋይል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጥያቄ ስላልተሰጠኝ ግራፍ ሠርቼ የወጣውን ላሳይ።»

ከግራፉ በፊት አንድ ረድፍ ምንን እንደሚወክል በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ መቻል አለበት። ነገሩ በምሳሌ ስለሚቀል እስከ መጨረሻው አንድ ፋይል ይዘን እንሂድ። ፋይሉ ወደ አንድ መጋዘን በጭነት መኪና የገባ ዕቃ መዝገብ ነው፤ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የመኪና ቁጥር፣ የዕቃ ዓይነት፣ አስረካቢ እና ክብደት የሚሉ አምዶች አሉት። መረጃው ከ4ኛው እስከ 303ኛው ረድፍ ይዘልቃል፤ ማለትም 300 ረድፍ ነው። 304ኛው ረድፍ ላይ «ድምር» ተብሎ 1,846,512.6 ተጽፏል። ከፋይሉ ጋር የመጣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ረድፍ አንድ መኪና ነው፣ አንድ ደረሰኝ ነው ወይስ በደረሰኙ ውስጥ ያለ አንድ የዕቃ ዓይነት? መልሱ ካልታወቀ «ስንት ጭነት ገባ» የሚለው ቀላል ቁጥር እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ ዋናው ፋይል ሳይነካ ቅጂ ይወጣለታል፤ በቅጂው ላይም ሌላ ሥራ ሳይጀመር ከ1 እስከ 300 የሚሄድ ተራ ቁጥር በአዲስ አምድ ይሞላል። የዚህ አምድ ጥቅም ረድፎቹ ከተደረደሩ በኋላ ወደ መጀመሪያው ቅደም ተከተል መመለስ ማስቻሉ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ መረጃ መሆኑን ባዶ ሴሎቹ ጋ ስንደርስ እናየዋለን። አምዱ ከመጨረሻው አምድ ቀጥሎ ቢገባ ይመረጣል፤ ከፊት ከገባ የሌሎቹ አምዶች ፊደል ይቀየርና ለላኪው «F አምድ» ብሎ መጻፍ ያደናግራል።

«የአምዱ ርዕስ ተጽፏል፤ ምን እንደያዘ ግልጽ ነው።»

በዚህ ፋይል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች የሰነዱን ስም የያዙ የተዋሃዱ ሴሎች ናቸው፤ የአምዶቹ ርዕስ የሚገኘው 3ኛው ረድፍ ላይ ነው። ይህን ሳያስተውሉ ፊልተር ያደረጉ እንደሆነ ርዕሱ ከመረጃው ጋር ይቀላቀላል። ይህ ግን በቀላሉ የሚታይ ችግር ነው፤ የሚከብደው ርዕሱ በትክክል ተነብቦም የማይነግረን ነገር ነው። «ቀን» የሚለው ዕቃው የገባበት ነው ወይስ በመዝገብ የሰፈረበት? «ክብደት» የዕቃው ብቻ ነው ወይስ መኪናው ከነጭነቱ ሲመዘን የተገኘው?

ሁለተኛውን ጥያቄ ከፋይሉ በከፊል መፈተሽ ይቻላል። ረድፎቹ በመኪና ቁጥር ከተለዩ በኋላ የአንዱ መኪና ክብደቶች ሲታዩ አንዳንዴ ግማሽ ጭነት፣ አንዳንዴ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ቁጥሮቹ በስፋት መለያየት አለባቸው። ሁልጊዜ ከአንድ ከፍ ያለ ቁጥር በታች የማይወርዱ ከሆነ ግን የባዶው መኪና ክብደት አብሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው መዝጋቢው ነው።

«ባዶ ሴል ማለት ዜሮ ነው፤ በዜሮ ልሙላው።»

በአንድ ፋይል ውስጥ እንኳ ባዶነት በየአምዱ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። በቀን አምዱ ላይ ከ300 ረድፎች ቀን የተጻፈባቸው 64 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ 236 የጎደሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መዝጋቢው የዕለቱን የመጀመሪያ ጭነት ሲጽፍ ቀኑን አስፍሮ ለቀጣዮቹ «ከላይ እንዳለው» በሚል ትቷቸዋል። እንዲህ ያለው ፋይል በክብደት ወይም በመኪና ቁጥር በተደረደረበት ቅጽበት እያንዳንዱ ባዶ ሴል ከየትኛው ቀን በታች እንደነበረ ይጠፋል። ተራ ቁጥሩ አስቀድሞ የሚሞላው፣ ቀኖቹም ከመደርደር በፊት ወደ ታች የሚሞሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የክብደቱ አምድ ባዶ ሴል ግን «ከላይ እንዳለው» ሊሆን አይችልም። እዚህ ሦስት ቀመሮችን ጎን ለጎን ማስላት ብዙ ነገር ይገልጣል፦

```
=COUNT(F4:F303)
=COUNTA(F4:F303)
=COUNTBLANK(F4:F303)
```

ውጤታቸው በቅደም ተከተል 283፣ 291 እና 9 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሆኑትን ብቻ፣ ሁለተኛው አንዳች ነገር ያለባቸውን ሁሉ ይቆጥራል። በሁለቱ መካከል የ8 ልዩነት አለ፤ ስለዚህ 8 ሴሎች ባዶ ሳይሆኑ ቁጥርም አይደሉም። ስናያቸው 6ቱ «8,450 ኪ.ግ» እንደሚለው ከፊደል ጋር የተጻፉ በመሆናቸው ኤክሴል እንደ ጽሑፍ የያዛቸው ክብደቶች ናቸው፤ 2ቱ ደግሞ ክፍት ቦታ ብቻ የተተየበባቸው፣ ለዓይን ባዶ የሚመስሉ ሴሎች ናቸው። እንግዲህ ክብደት የሌላቸው ረድፎች 9 ሳይሆኑ 11 ናቸው ማለት ነው።

ከእነዚህ 11 ረድፎች 9ኙ በአንድ ሳምንት ውስጥ መሆናቸው በራሱ ይናገራል፤ በዚያ ሳምንት ሚዛኑ ተበላሽቶ ወይም መዛኙ ሳይኖር ቀርቶ ይሆናል። መኪናው መጥቷል፣ ደረሰኝም ተቆርጧል፤ ያልታወቀው ክብደቱ ነው። ዜሮ ከተሞላ ግን «ባዶውን መጣ» ማለት ይሆናል፤ አማካዩም ያለ ምክንያት ይወርዳል።

«የተደጋገመ ረድፍ ትርፍ ነው፤ ኤክሴል ራሱ ያጥፋልኝ።»

የማጥፊያው ትእዛዝ የሚያወዳድረው ምልክት የተደረገባቸውን አምዶች ብቻ ሲሆን፣ ከተደጋገሙት መካከል የመጀመሪያውን ረድፍ አስቀርቶ ተከታዮቹን ከነሙሉ ይዘታቸው ይሰርዛል፤ የትኞቹ እንደነበሩም አያሳይም። ከማጥፋት በፊት መቁጠር ይሻላል፦

```
=COUNTIF($B$4:$B$303,B4)
```

ይህ ቀመር በየረድፉ ሲሞላ ሦስት የደረሰኝ ቁጥሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ይገኛሉ። በቁጥሮቹ ጫፍ ላይ ያለውን ትርፍ ክፍት ቦታ በTRIM አስወግደን ስንደግመው አራተኛ ጥንድ ይወጣል፤ «ሀ-1047» ሁለተኛ ጊዜ ሲጻፍ ከመጨረሻው ክፍት ቦታ ስለነበረበት እንደ ሌላ ደረሰኝ ተቆጥሮ ነበር።

አራቱ ጥንዶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በሁለቱ የደረሰኝ ቁጥሩ ይመሳሰል እንጂ የዕቃው ዓይነትና ክብደቱ ይለያያል፤ አንድ መኪና ሁለት ዓይነት ዕቃ ጭኖ መጥቶ በሁለት ረድፍ ተመዝግቧል። በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ አንድ ረድፍ በደረሰኙ ውስጥ ያለ አንድ የዕቃ ዓይነት ነው። ቀሪዎቹ ሁለት ጥንዶች ግን በሁሉም አምድ አንድ ናቸው፤ ክብደታቸውም 6,900 እና 8,150 ነው። ሁለት ጊዜ መመዝገባቸው በእጅጉ ቢያስጠረጥርም፣ ወረቀቱን ያየ ሰው ሳያረጋግጥ ሊሰረዙ አይገባም።

«ሁሉም ቁጥር በአንድ አምድ ውስጥ ስለሆነ መለኪያውም አንድ ነው።»

አሁን ከታች ወደተጻፈው ድምር እንመለስ። ክብደቶቹ ሙሉ ኪሎ ግራም ሆነው ሳለ 1,846,512.6 ውስጥ ያለው ነጥብ ስድስት ከየት መጣ? ሙሉ ቁጥሮች ተደምረው አስርዮሽ አይሰጡም። አምዱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ስንደረድር መልሱ ይታያል፤ ከላይ 14 ቁጥሮች ከ3.2 እስከ 11.8 ይዘልቃሉ፣ ከዚያ ዝርዝሩ በቀጥታ ወደ 3,140 ይዘላል። በመካከል አንድም ቁጥር የለም። እነዚህ 14 ቁጥሮች ሲደመሩ 98.6 ይሆናሉ።

በጣም የሚቀርበው ግምት ሌላ ሰው በቶን መዝግቧል የሚለው ነው። ግምቱን ለማጥበቅ የመኪና ቁጥሩን መመልከት ያስፈልጋል፤ በሌላ ቀን 7,060 የጫነ መኪና በአንዱ ቀን 7.1 ብቻ ጭኖ ከታየ፣ ሰባት ኪሎ ግራም ለማድረስ የጭነት መኪና ተልኳል ብሎ ማሰብ አያስኬድም። ሲለወጥ ግን ዋናው የክብደት አምድ እንዳለ ይቀመጥ፤ በኪሎ ግራም የተስተካከለው በአጠገቡ በአዲስ አምድ ይግባ፣ ርዕሱም መለኪያውን ይያዝ።

«ድምሩ በቀመር የተሠራ ስለሆነ ሊሳሳት አይችልም።»

ሴሉ ሲነካ የሚታየው ይህ ነው፦

```
=SUM(F4:F280)
```

የመጨረሻዎቹ 23 ረድፎች አልተደመሩም። ቀመሩ ከተጻፈ በኋላ ከክልሉ በታች የገቡ አዳዲስ ረድፎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ሳይካተቱ ይቀራሉ፤ ኤክሴልም ስህተት ነው ብሎ አያቆምም። ይህ ለጀማሪ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ታዋቂ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ መንግሥት ዕዳና ዕድገት ባወጡት ጥናት የአማካዩ ቀመር እስከ 49ኛው ረድፍ መድረስ ሲገባው 44ኛው ላይ በመቆሙ አምስት አገሮች ከስሌቱ ውጪ ቀርተው ነበር። ይህ የታወቀው ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ፋይሉን ከፍቶ ቀመሮቹን ሲመረምር ነው።

በእኛ ፋይል የቀሩት 23 ረድፎች 163,300 ኪሎ ግራም ይይዛሉ፤ ሲጨመሩ ድምሩ 2,009,812.6 ይሆናል። SUM ጽሑፍ የሆኑ ሴሎችን ዝም ብሎ ስለሚያልፍ ስድስቱ ክብደቶችም ጠፍተው ነበር፤ እነርሱ 41,700 ናቸው፣ ድምሩም 2,051,512.6 ይደርሳል። በመጨረሻ 98.6 ወደ 98,600 ሲለወጥ 2,150,014 ይመጣል፤ ነጥብ ስድስቱም ጠፍቷል። ሦስቱ ስህተቶች ሁሉም ድምሩን ወደ ታች ስለጎተቱት፣ ከታች ተጽፎ የነበረው ቁጥር ከተስተካከለው በ300,000 ኪሎ ግራም ገደማ ያንሳል።

«አስተካክዬ ንጹሑን ፋይል ብልክላቸው ይበቃል።»

ከላይ ከተደረጉት ለውጦች ግማሹ በግምት ላይ የቆመ ነው፤ ያልተነገረው ተቀባይ ደግሞ ግምቱን እንደ እውነት ይወስደዋል። ከፋይሉ ጋር የሚሄደው መልእክት የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

«የላኩልኝን መዝገብ ተመልክቼዋለሁ፤ ዋናውን ፋይል አልነካሁም። ከታች የተጻፈው ድምር የመጨረሻዎቹን 23 ረድፎች እና ከፊደል ጋር የተጻፉ 6 ክብደቶችን አላካተተም። 14 ረድፎች በቶን የተመዘገቡ መስለውኝ ወደ ኪሎ ግራም ለውጫቸዋለሁ። በዚህ መሠረት ድምሩ 2,150,014 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ የተጻፉ የሚመስሉት ሁለት ረድፎች ከወጡ ደግሞ 2,134,964 ነው። ክብደት ያልተጻፈባቸው 11 ረድፎች በሁለቱም ድምሮች ውስጥ የሉም። እንዲያረጋግጡልኝ የምፈልገው፣ 14ቱ በእርግጥ በቶን ናቸው ወይ? ሁለቱ ጥንዶች አንድ ጭነት ናቸው ወይስ ሁለት? ክብደቱስ የዕቃው ብቻ ነው ወይስ ከነመኪናው? ከዚህ መዝገብ ማወቅ የፈለጉት ምን እንደሆነም ቢነግሩኝ፣ ቀሪውን ሥራ በዚያ መሠረት እቀጥላለሁ።»