የአልትራቫዮሌት ንባብ ስለ ኮንጁጌሽን የሚነግረንና የማይነግረን

ጎንደር ውስጥ አብረን በምናጠናው ቡድን ደጋግሞ የሚነሳው ግራ መጋባት፣ ረጅሙን የሞገድ ርዝመት ሁሉ የረጅም ኮንጁጌሽን ምልክት አድርጎ ከመውሰድ የሚመጣ ነው። በኮንጁጌሽን የሚቆጠሩት በአንድ ነጠላ ቦንድ ብቻ ተለያይተው የተቀመጡ ድርብ ቦንዶች ናቸው፤ 1,3-ቡታዳይን 217 ናኖሜትር አካባቢ ሲመጥ፣ ድርብ ቦንዶቹ የተራራቁት 1,4-ፔንታዳይን ግን ከ200 በታች ይቀራል።

ሜሲታይል ኦክሳይድን እንውሰድ፤ ቀመሩ (CH3)2C=CHCOCH3 ነው። የሚመጠውን የሞገድ ርዝመት ከመዋቅሩ በምንገምትበት የመደመር ሥርዓት፣ ቀለበት ለሌለው ኢኖን፣ ማለትም የካርቦን ድርብ ቦንዱ ከካርቦኒል ጋር ለተቀናጀ ውህድ፣ መነሻው 215 ናኖሜትር ነው፤ በቤታ ካርቦን ላይ ያሉት ሁለት ሜቲሎች እያንዳንዳቸው 12 ስለሚጨምሩ 239 እናገኛለን፤ በኢታኖል የሚለካው ደግሞ 237 አካባቢ ነው። ሌላ ድርብ ቦንድ ሰንሰለቱን ቢያራዝመው ኖሮ ወደ 30 ናኖሜትር በተጨመረ ነበር።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ይህ ውህድ ከ300 በላይ ሌላ ጫፍ ስላለው ነው። ያ ጫፍ ግን ከኦክስጅኑ ብቸኛ ኤሌክትሮኖች የሚመነጭ ሲሆን፣ የሞላር መምጠጫው ከ100 በታች በመሆኑ 10,000 ገደማ ከሚደርሰው ዋና ጫፍ በቀላሉ ይለያል፤ ስለዚህ ከርዝመቱ በፊት ጥንካሬውን ማየት ይገባል።

የመደመር ሥርዓቱ በኢታኖል ለተለኩ ኢኖኖች አስተማማኝ ነው። ሟሟው ሲቀየር ግን ቁጥሩ ይለወጣል፤ ይኸው ውህድ በሄክሴን ወደ 230 ይወርዳል፣ በውሃ ወደ 244 ይወጣል። ዳይኖችን ሟሟው ብዙም አይነካቸውም።