ጮኸ፣ አልጮኸም፦ ምጣድና ገመድ በመልቲሜትር ሲፈተሽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ርካሽ መልቲሜትር የገዛ ጀማሪ መጀመሪያ የሚወደው የድምፅ ምልክት ያለበትን ቦታ ነው፤ ኮንቲኒውቲ ይባላል። መሣሪያው ከውስጡ ባትሪ ጥቂት ኤሌክትሪክ በአንዱ ጫፍ ይልካል፣ በሌላው ጫፍ ከተመለሰለትና መንገዱ ብዙም ካልተቃወመው ይጮኻል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ለጥገና የሚመጡ ምጣዶች፣ ስቶቮችና ካውያዎች ላይ የሚሰጠው ፍርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህች ጩኸት በላይ አይሄድም።

«ማብሪያውን አጥፍቼዋለሁ፣ መንቀል ለምን ያስፈልጋል?»

ማብሪያ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ነው። ሶኬቱን የሠራው ሰው ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጧቸው ከሆነ የሚቆረጠው መመለሻው ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ ግን እስከ ምጣዱ ሽቦ ድረስ እንዳለ ይቀመጣል። ኮንቲኒውቲ ላይ ያለ መልቲሜትር 220 ቮልት ከገባበት ርካሹ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል፤ የያዘውም ሰው ከአደጋ አያመልጥም። «መብራት ስለሄደ በዚሁ ልፈትሸው» የሚለውም አይሠራም፣ የሄደው መብራት መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግራችሁም። ሶኬቱን ንቀሉና ጫፉን ዓይናችሁ በሚያየው ቦታ አስቀምጡት።

ምጣዱ ያለ ሶኬት ከግድግዳው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ከሆነ ብሬከሩን አውርዱ። ከዚያ መልቲሜትሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት ትልቁ ደረጃ አዙሩት፤ መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ 220 አካባቢ ማንበቡን አረጋግጡ፣ ቀጥሎ የምጣዱን መገናኛ ለኩ። እዚያ ምንም ካላሳየ ብቻ ወደ ኮንቲኒውቲ ተመለሱ።

«አልጮኸም፤ ስለዚህ ሽቦው ተበጥሷል»

ደህና ዕቃ ለቁራሌው የሚዳርገው ይህ ነው። የመንገዱ መቃወም የሚለካው በኦም ነው፤ መልቲሜትር የሚጮኸው መንገዱ ከተወሰነ ኦም በታች ሲሆን ነው። ወሰኑ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ብዙዎቹ ላይ ከ30 እስከ 50 ኦም አካባቢ ነው። የማሞቂያ ሽቦ ደግሞ ተፈጥሮው መቃወም ነው፤ የሚግለውም በመቃወሙ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ጤነኛ የሆነ ሽቦ ከዚያ ወሰን በላይ ሆኖ ዝም ሊል ይችላል።

ስንት ኦም መሆን እንዳለበት ለማወቅ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ማንበብ ይበቃል፦

220 × 220 ÷ ዋት = ኦም

1000 ዋት የተጻፈበት ስቶቭ 48 ኦም ገደማ ይወጣል፤ አንዱ መልቲሜትር ላይ ይጮኻል፣ ሌላው ላይ አይጮኽም። 2000 ዋት የውሃ ማፍያ 24 ኦም ነው። 3500 ዋት ምጣድ ወደ 14 ኦም ይጠጋል። የማሞቂያ ሽቦ ሲቀዘቅዝና ሲግል ኦሙ ብዙም ስለማይለያይ በቀዝቃዛው የለካችሁት ቁጥር ከዚህ ስሌት ብዙ መራቅ የለበትም።

ስለዚህ ዝም ካለ ፍርድ ሳትሰጡ መልቲሜትሩን ወደ 200 ኦም አዙሩት። ቁጥር ካወጣና ቁጥሩ ከስሌቱ ጋር ከተቀራረበ ሽቦው ደህና ነው። `OL` ካለ፣ ወይም በቆዩት መሣሪያዎች ላይ በስተግራ ብቻዋን `1` ከቆመች፣ መንገዱ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። የት እንደተቋረጠ ግን ገና አልታወቀም። ካውያ ለምሳሌ የሙቀት መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ ከሆነ ራሱ ያቋርጠዋል፤ ወደ ከፍተኛው አዙራችሁ ድጋሚ ሳትለኩ ሞቷል አትበሉ።

«ጮኋል፤ ስለዚህ የምጣዱ ሽቦ ደህና ነው»

ሽምብጥ አካባቢ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት የሚያስረክቡ አንዲት እናት ምጣዳቸው አስቸግሯቸው ነበር። ሊጡን ሲያሰፉት ግማሹ ወገን ዓይን ያወጣል፣ ሌላው ወገን ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን እጠብቃለሁ ሲሉ የበሰለው ጠርዙ ይደርቃል። የመጀመሪያው ጠጋኝ ሶኬቱ ላይ ፈትሾ ጮኸለት።

«ምጣዱ ምንም አልሆነም፣ ጤፉ ነው አለኝ ልጄ» አሉ። «ጤፍ እኮ ግማሽ ጎን አይመርጥም።»

ትክክል ናቸው። አንዳንድ ምጣዶች ሥር የተዘረጋው አንድ ሽቦ አይደለም፤ ሁለት ሽቦዎች ተነጣጥለው ይዘረጉና ጫፎቻቸው አንድ መገናኛ ላይ ይታሰራሉ። ኤሌክትሪኩ ሁለት መንገድ አለው ማለት ነው። አንዱ ቢበጠስ በሌላው ስለሚያልፍ መልቲሜትሩ ይጮኻል። ይህን የሚለየው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ምጣዳቸው ላይ የተጻፈው 3500 ዋት ስለሆነ የምንጠብቀው 13.8 ኦም ነው። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አነካካናቸው፣ 0.4 አሳየ፤ ይህ የራሱ የመለኪያ ገመዶች ኦም ስለሆነ ከሚመጣው ውጤት ሁሉ ይቀነሳል። ከዚያ ሶኬቱን ነቅለን በሁለቱ እግሮቹ ላይ ለካን፦ 28.1። ሲቀነስ 27.7 ሆነ። ከሚጠበቀው ልክ እጥፍ ነው። ሁለት እኩል ሽቦዎች አብረው ሲሠሩ የጠቅላላው ኦም የአንዱ ግማሽ ስለሚሆን፣ እጥፍ መምጣቱ አንዱ ብቻውን እንደቀረ ይናገራል። ጩኸቷ ይህን ሁሉ ደብቃ ነበር።

ምጣዱን ገልብጠን የሥሩን ክዳን ከፈትን፣ የሽቦዎቹን ጫፎች ከመገናኛው ፈታን። ሳይፈቱ መለካት ከንቱ ነው፤ አንዱን እለካለሁ ስትሉ በሌላው በኩል ዞሮ ይመጣባችኋል። አንዱ 27.7፣ ሌላው `OL`። የተበጠሰው ከብሎኑ ሥር፣ የምጣዱ ሽቦ ከገመዱ ጋር በሚያያዝበት ጫፍ ላይ ነበር። የላላ ብሎን ይግላል፣ የጋለ ጫፍ ይጠቁርና ይሰባበራል፤ ስለዚህ ፍለጋ ሁልጊዜ ከዚያ ቢጀመር ጥሩ ነው። የተረፈውን ጫፍ እስኪያበራ አሸት አድርገን፣ የጠቆረውን ብሎንና ዋሸር በአዲስ ለውጠን አጥብቀን አሰርነው። በድጋሚ ስንለካ 14.2 መጣ፣ ሲቀነስ 13.8።

መበጠሱ ከሸክላው ቦይ ውስጥ፣ በመሃል ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር፦ ያ ሽቦ በሙሉ ይቀየር። ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልደግፈውም። የተጠመዘዘው ቦታ ከሌላው በላይ እየጋለ በዚያው ይበጠሳል፤ ለመጠምዘዝ የተበላው ሽቦ ደግሞ ቀሪውን ስለሚያሳጥረው ምጣዱ ከመጀመሪያው የበለጠ አምፒር ይስባል፣ ይህም ለገመዱ ሸክም ነው።

«ገመዱን ፈትሼዋለሁ፣ ደህና ነው»

ገመድ ሲፈተሽ እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ነው፦ ከሶኬቱ እግር እስከ ሌላኛው የራሱ ጫፍ፣ ገመዱ ከምጣዱ ተፈትቶ። መጮኽ አለበት፣ ቁጥሩም ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። በሁለት የተለያዩ ሽቦዎች መካከል ግን ዝም ማለት አለበት። ይህን እያደረጋችሁ አንድ ሰው ገመዱን ሶኬቱ አንገት ላይና ወደ ምጣዱ በሚገባበት ቦታ ያዟዙረው። ጩኸቱ እየተቆራረጠ ከመጣ የተበጠሰው እጁ ባለበት ቦታ ነው። ሶኬቱ አንገት ላይ ከሆነ ከዚያ በላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ ባለ 16 አምፒር አዲስ ሶኬት ማሰር ይበቃል።

አስቸጋሪው ሳይቆራረጥ የሚጮኸው ነው። በገመድ ውስጥ ያለው መዳብ የብዙ ቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው። ሁሉም ተበጥሰው ሁለት ክር ቢተርፉ እንኳ መልቲሜትሩ በደስታ ይጮኻል፣ ቁጥሩም አይለወጥም፤ የሚልከው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሁለት ክር ይበቃዋል። 3500 ዋት ምጣድ ግን ወደ 16 አምፒር ይፈልጋል። ያ ሁሉ በሁለት ክር ሲያልፍ ገመዱ እዚያ ቦታ ላይ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይለሰልሳል። ይህን መልቲሜትር አያገኘውም፤ የሚያገኘው ዓይንና አፍንጫ ነው። የጠቆረ የሶኬት እግር፣ የቀለጠ ጠርዝ፣ ከጋገሩ በኋላ የሚሸት ፕላስቲክ፣ ወይም ገመዱን ጎንበስ ስታደርጉት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያለ ልክ መለስለስ ካለ፣ ጩኸቱን ሳታምኑ ያንን ክፍል ቁረጡት።

«ከአካሉ ጋር ስፈትሸው አልጮኸም፤ አይነዝርም»

ይህ በተለይ ክረምት ላይ ያሳስታል። ሸክላውና ሽቦው የተሸፈነበት ጀሶ እርጥበት ይጠጣሉ፤ ጣና ዳር በሐምሌና በነሐሴ ሳይጋገርበት ጥግ ተቀምጦ የከረመ ምጣድ መስከረም ላይ ሲሰካ ብረቱ እጅ የሚነዝረው ለዚህ ነው። እርጥበት የሚፈጥረው መንገድ ብዙ ሺህ ኦም ስለሆነ ኮንቲኒውቲ አይጮኽለትም። መቶ ሺህ ኦም ቢሆን እንኳ በ220 ቮልት 2.2 ሚሊአምፒር ያሳልፋል፣ ያንን ደግሞ እጅ በደንብ ያውቀዋል።

መልቲሜትሩን ወደ ትልቁ የኦም ደረጃ አዙሩት፤ ርካሾቹ ላይ 2 ሜጋኦም ነው። አንዱን ጫፍ ከመሬት እግሩ ውጪ ባለው የሶኬቱ እግር፣ ሌላውን ቀለም በሌለበት የምጣዱ ብረት ላይ አድርጉ፤ ጣታችሁ የመለኪያውን ብረት እንዳይነካ፣ በዚህ ደረጃ ሰውነታችሁም ይለካል። ቁጥር ካወጣ ምጣዱን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ለተወሰኑ ቀናት አድርቁትና ድገሙት። `OL` ቢልም የመልቲሜትር ባትሪ ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሆነ በ220 ቮልት የሚከፈተውን ቀዳዳ ሁሉ አያይም፤ ለዚያ ባለሙያዎች በ500 ቮልት የሚለካ ሜገር የሚባል መሣሪያ አላቸው። ኮንቲኒውቲ እዚህ ላይ በትክክል የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ነው፦ በሶኬቱ የመሬት እግርና በምጣዱ ብረት መካከል። እዚያ መጮኽ ግዴታው ነው። ካልጮኸ የመሬት ሽቦው ሳይታሰር ወይም ሶኬቱ የመሬት እግር የሌለው ሆኖ ተገኝቷልና፣ ያ ሳይስተካከል ምጣዱ አይሰካ።