የሰዓቱ ፔስ ለምን ይዘላል?

እኩል እየሮጥክ ሰዓትህ ፔስህን፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር የምትጨርስበትን ደቂቃ፣ አንዴ 4:10፣ አንዴ 6:15 ይልሃል? ጥፋቱ የእግርህ ሳይሆን የጂፒኤሱ ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ5:00 ስትሮጥ በ3 ሰከንድ የምትሸፍነው 10 ሜትር ብቻ ነው። ጂፒኤሱ ቦታህን 2 ሜትር ወደፊት ከሳተ፣ ሰዓቱ 12 ሜትር የሮጥክ ይመስለውና 4:10 ይላል። ወደኋላ ከሳተ ደግሞ 6:15። ፎቅና ዛፍ በበዛበት መንገድ ይብሳል።

የመጨረሻውን 200 ሜትር አማካይ እንዲያሳይ ካደረግከው ግን ያችው 2 ሜትር ስህተት በ200 ሜትር ላይ ትበተናለች። 4:57 ቢል ነው። አዲሱ ሜትር ሲገባ አሮጌው ይወጣል፤ ቁጥሩ አይደነብርም።

ችግሩ መዘግየቱ ነው። ፍጥነት ብትቀይር ሙሉ ለሙሉ የሚታይህ 200 ሜትር ከሮጥክ በኋላ ነው። ለ100 ሜትር ፈጣን ሩጫማ አይሆንም። እኔ እዚያ ላይ ሰዓቱን አላየውም።