ማትሪክ ላይ የሚመጡ የሰርኪዩት ጥያቄዎች፦ ሲሪስ፣ ፓራለል እና የሚቀራረቡት ቾይሶች

የሰርኪዩት ጥያቄ የምንለው ባትሪና ሬዚስተሮች ተስለው "ጠቅላላ ሬዚስታንሱ ስንት ነው?" ወይ "በዚህኛው ሬዚስተር የሚያልፈው ከረንት ስንት ነው?" ተብሎ አራት ቾይስ የሚሰጥበትን የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ትምህርቱ የኦም ሕግ ነው፣ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በ1845 ደግሞ ኪርቾፍ የመገጣጠሚያና የዙር ሕጎቹን ጨመረበት፣ ከዛ ወዲህ ለፈተና የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል ማለት ይቻላል። እኛ አገር ደግሞ አሥረኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ጊዜ እዛም ይመጣ ነበር፣ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የምናገኘው።

የኛን ማትሪክ ለየት የሚያደርገው ካልኩሌተር አለመፈቀዱ ነው። ስለዚህ ጥያቄ አውጪው ቁጥሮቹን በእጅ እንዲሠሩ አድርጎ ይመርጣቸዋል፣ 6 እና 3፣ 6 እና 12፣ 20 እና 30 የሚባሉት ጥንዶች ተደጋግመው የሚታዩት ለዚህ ነው፣ ፓራለል ሲሆኑ 2፣ 4 እና 12 ኦም ሆነው ንጹህ ይወጣሉ። በእጅ የሚሠራ ጥያቄ ቀላል ይመስላል ግን ክብደቱን ቾይሶቹ ላይ ነው የሚያገኘው፣ እና እዚህ ላይ ነው ጥሩ ጥያቄ አውጪ ሙያውን የሚያሳየው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ባትሪው 12 ቮልት ነው፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.5 ኦም። ከባትሪው ወጥተን 4 ኦም እናገኛለን፣ ቀጥሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ በአንዱ 6 ኦም በሌላኛው 12 ኦም አለ፣ ከዛ ተገናኝተው ወደ ባትሪው ይመለሳሉ። ከባትሪው የሚወጣው ከረንት ስንት ነው? ቾይሶቹ 1.33፣ 1.41፣ 1.50 እና 1.60 አምፔር ናቸው።

6 እና 12 ፓራለል ሲሆኑ 72 ለ18፣ 4 ኦም ነው። ከፊት ካለው 4 ጋር ሲሪስ ሲሆን 8 ይሆናል፣ የባትሪው 0.5 ሲጨመር 8.5። ከረንቱ 12/8.5 ነው፣ ማለትም 24/17፣ ወደ 1.41 የሚጠጋ። አሁን ሌሎቹን ሦስቱን እንያቸው። 1.50 የውስጥ ሬዚስታንሱን የረሳው ልጅ መልስ ነው፣ 12/8። 1.60 ደግሞ ጨምር ሲባል የቀነሰው ነው፣ 12/7.5። 1.33 የ0.5ቱን ሁለት ጊዜ የደመረው ነው፣ 12/9። አንዳቸውም በዘፈቀደ አልተቀመጡም፣ እያንዳንዱ የታወቀ ስህተት ያለው ልጅ ሲሠራ የሚያገኘው ቁጥር ነው፣ ስለዚህ "መልሴ ቾይሱ ውስጥ አለ፣ ትክክል ነኝ ማለት ነው" ብሎ መረጋጋት ትልቁ ወጥመድ ነው።

ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ማካፈሉን እስከ መጨረሻው መግፋት አያስፈልግም፣ ቾይሱን መልሶ ማባዛት ይቀላል። 8.5 በ1.5 ሲባዛ 12.75 ነው፣ ከ12 አለፈ፣ 1.60 ከዛም ይብሳል፣ ስለዚህ ሁለቱም ወደቁ። 8.5 በ1.4 ደግሞ 11.9 ነው፣ 0.1 ብቻ ቀረ፣ ስለዚህ መልሱ ከ1.4 ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፣ ይኸው 1.41። ይሄ ሠላሳ ሴኮንድ አይፈጅም።

ጥያቄው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ግን ይቀጥላል፣ "የባትሪው ጫፎች ላይ ያለው ቮልቴጅ ስንት ነው?" ይላል፣ ቾይሶቹም ውስጥ 11.2 እና 11.3 ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። ከረንቱን 1.4 ብሎ ያሳጠረ ልጅ 8 በ1.4 አባዝቶ 11.2 ያገኛል፣ በደስታም ያጠቁራል። ትክክለኛው ግን 8 በ24/17፣ 192/17፣ ወደ 11.29 የሚጠጋው ነው፣ ስለዚህ መልሱ 11.3። ፊዚክሱን የተረዳ ልጅ እዚህ ጋ ነጥብ ይጥላል፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ቀድሞ አጠጋግቷል። መፍትሄው 24/17ን እስከ መጨረሻው እንደ ክፍልፋይ ይዞ መቆየት ነው። እንዲህ ያለ ቾይስ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ላይ መምህራን ይከራከራሉ፣ አንዳንዱ "የሚፈተነው ሰርኪዩት ነው እንጂ ሂሳብ አይደለም" ይላል፣ እኔ ግን ተገቢ ነው ባይ ነኝ፣ በመለኪያ የሚሠራ ሰው መቼ ማጠጋጋት እንዳለበት ማወቅ አለበት።

አንድ ሌላ የመፈተሻ መንገድ ደግሞ አለ፣ የፓራለል ውጤት ሁሌም ከትንሹ ሬዚስተር ያነሰ መሆኑ። ሁለት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ከትንሹ ግማሽ በታች አይወርድም፣ ስለዚህ 6 እና 12 ከ3 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነው የሚወድቁት፣ ገና ሳንሠራ። ይሄ በተለይ "ብዜት ለድምር" የሚለውን አቋራጭ ለሦስት ሬዚስተር የሚጠቀመውን ያድነዋል። 2፣ 3 እና 6 ኦም ፓራለል ቢሆኑ በዛ አቋራጭ 36/11፣ 3.27 ይመጣል፣ ከ2 ስለሚበልጥ ወዲያው ስህተት መሆኑ ይታወቃል። ትክክለኛው ደግሞ 1/2 ሲደመር 1/3 ሲደመር 1/6፣ ይሄ 1 ነው፣ ተገልብጦም 1 ኦም። አቋራጩ ለሁለት ብቻ ነው የሚሠራው፣ ለሦስት ከተፈለገ ሁለቱን መጀመሪያ ጠቅልሎ ከሦስተኛው ጋር መድገም ነው።

ቁጥሩ ምንም ቀላል ቢሆን ሥዕሉ የሚያሳስትባቸው ጥያቄዎችም አሉ። በጣም የታወቀው ሦስት 6 ኦም በአንድ መስመር ተደርድረው የሚመጡበት ነው። ከግራ ጀምሮ ነጥቦቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው፣ ከዛ ከሀ ወደ ሐ አንድ ባዶ ሽቦ፣ ከለ ወደ መ ሌላ ባዶ ሽቦ ከላይና ከታች ተስሏል። ዓይን የሚያየው ሲሪስ ነው፣ 18 ኦም። ግን ሬዚስተር የሌለበት ሽቦ ሁለቱን ጫፎች አንድ ነጥብ ያደርጋል፣ ስለዚህ ሐ ማለት ሀ ነው፣ ለ ማለት ደግሞ መ ነው። የመጀመሪያው ሬዚስተር ከሀ ወደ መ፣ ሁለተኛውም ከመ ወደ ሀ፣ ሦስተኛውም ከሀ ወደ መ ሆነ፣ ሦስቱም በተመሳሳይ ሁለት ነጥብ መካከል ናቸው፣ ፓራለል ናቸው፣ 6 ለ3፣ 2 ኦም። ነጥቦቹን በፊደል መሰየምና አንድ የሆኑትን አንድ ፊደል ማድረግ፣ ከዛ ከነዚያ ፊደሎች ሥዕሉን እንደገና መሳል፣ ይሄ ከማንኛውም ፎርሙላ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው፣ የፈተናው ወረቀት ነጭ ቦታም ለዚህ ነው መዋል ያለበት።

ዊትስቶን ብሪጅ የሚባለውም እንዲሁ ነው፣ መሐል ላይ ያለው ሬዚስተር ያስፈራል፣ ግን በአንደኛው መንገድ ያሉት ሁለቱ ሬዚስተሮች ምጣኔያቸው በሌላኛው መንገድ ካሉት ጋር እኩል ከሆነ፣ ለምሳሌ 2 ለ4 እና 3 ለ6፣ መሐለኛው ላይ ከረንት አያልፍም፣ አውጥቶ መጣል ነው። የቀረው 6 እና 9 ፓራለል ነው፣ 54 ለ15፣ 3.6 ኦም። ምጣኔው እኩል ካልሆነ ግን መጣሉ አይሠራም፣ ያኔ የኪርቾፍን ሕጎች መጻፍ ግድ ይላል።