የታመነ ሠራተኛ ታይምሺት ላይ ያልሠራውን ሰዓት ሞልቶ ሲገኝ፦ በመጀመሪያው ንግግር ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማስረጃው እጄ ላይ ነው፤ ዛሬውኑ ጠርቼ ላፋጥጠው»

እባካችሁ አንድ ሁለት ቀን ስጡት። የበር ካርድ መዝገብ የሚናገረው ሰውየው ካርዱን መቼ እንዳስነካ ብቻ ነው። ባልደረባው የከፈተውን በር ተከትሎ ከገባ መዝገቡ ላይ የለም። ደንበኛ ዘንድ ከዋለም የለም።

ማስታወሻ ያዥ ሆኜ የተቀመጥኩበትን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። አንዲት ሥራ አስኪያጅ 7 ዓመት አብሯት የሠራ ሰው የሞላውን የ8 ሳምንት ታይምሺት ከበር መዝገቡ ጋር አስተያየችው። በ14 ቀን ላይ ልዩነት አገኘች። በጣም አዘነች፤ ያኔውኑ ልትጠራው ነበር። ይልቅ ቀኖቹን አንድ በአንድ አየናቸው። በ5ቱ ቀን ደንበኛ ዘንድ ነበር፤ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ ስሙ አለ። በ2ቱ ቀን ደግሞ ራሷ በስልክ መልእክት «ቀድመህ ውጣ» ብላዋለች። ረስታው ነው። 7 ቀን ቀረ። ሰባቱም ዓርብ ናቸው። ሁሉም ላይ 8 ሰዓት ተሞልቷል፤ መዝገቡ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድሞ መውጣቱን ያሳያል። ሲደመር አሥር ሰዓት ተኩል ይሆናል።

«14 ቀን» ብላ ጀምራ ቢሆን ኖሮ የራሷን መልእክት አውጥቶ ያሳያት ነበር። ከዚያ በኋላ እውነተኛዎቹን ሰባቱን ማንም አይሰማትም።

በእነዚያ አንድ ሁለት ቀናት የምትሠሩት ሌላም ነገር አለ። የታይምሺቱን ቅጂ፣ ማን መቼ እንዳስተካከለው የሚያሳየውን ታሪክ እና የበር መዝገቡን ቀድማችሁ አስቀምጡ። አንዳንዱ መዝገብ ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ይሰረዛል። የተሳሳተውን ሰዓት ግን እናንተው ገብታችሁ እንዳታርሙት። ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።

«ለዓመታት የቀረብኩት ሰው ነው፤ ለብቻችን ብናወራ ይቀለዋል»

ቀለል የሚለው ለእናንተ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ያወራው ነገር በኋላ «ብለኸኛል»፣ «አላልኩም» ይሆናል። ማስታወሻ የሚይዝ ሦስተኛ ሰው፣ ለምሳሌ ከሰው ሀብት ክፍል፣ ይኑር። ደግሞ አስቡት፤ ያንን ታይምሺት በየሳምንቱ ያጸደቃችሁት እናንተ ከሆናችሁ የጉዳዩ ምስክር ናችሁ። እንዲህ ሲሆን ጥያቄውን ሌላ ኃላፊ ቢመራው ይመረጣል።

ሠራተኛው ሲገባ ስለ ምን እንደምታነጋግሩት፣ አብሯችሁ ያለው ሰው ለምን እንደተገኘ፣ ዛሬ ውሳኔ እንደማይሰጥ ንገሩት። የማኅበር ተወካይ ወይም ባልደረባ ይዞ የመቅረብ መብት ካለው ቀድሞ ይወቅ። «በመካከላችን ይቀራል» አትበሉት። አይቀርም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

«መዝገቡን መጀመሪያ ካሳየሁት መዋሸት አይችልም»

ሥራ አስኪያጆች ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወረቀቱን መጀመሪያ ከዘረጋችሁለት ምን እንደምታውቁና ምን እንደማታውቁ ነገራችሁት ማለት ነው። ጥፋተኛ ከሆነ መልሱን ባየው ልክ ይሰፋዋል። ጥፋተኛ ካልሆነ ደግሞ ይደነግጣል፤ ሊያስረዳ የሚችለውን ነገር እንኳ ይረሳዋል።

ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሂዱ። «ታይምሺትህን መቼ ነው የምትሞላው፣ በየቀኑ ነው ወይስ ሳምንቱ ሲያልቅ?» «ቀድመህ የወጣህ ቀን ምን ትጽፋለህ?» «ከአንተ ሌላ የሚሞላልህ ወይም የሚያስተካክልልህ ሰው አለ?» «ዓርብ ቀንህ እንዴት ነው የሚውለው?» እነዚህ ተራ ጥያቄዎች ይመስላሉ። ነገር ግን እያንዳንዳቸው አንድ ንጹሕ ሊሆን የሚችል ምክንያት ይፈትሻሉ፦ በትዝታ ሞልቶ መሳሳት፣ ደንቡን በሌላ መንገድ መረዳት፣ የሌላ ሰው እጅ መኖር። መልሶቹ ከተያዙ በኋላ መዝገቡን አውጡ፤ እሱንም አንድ ቀን ብቻ። «ይህን ዓርብ አስረዳኝ» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቢሆንም አትሙሉለት።

«ለምን ዋሸኸኝ?» ጥያቄ አይደለም። ፍርዱ ውስጡ አለ፤ የሚያመጣውም ወይ ልመና ወይ ቁጣ ነው። የሌላችሁን ማስረጃም አለን አትበሉ። ካሜራ ከሌለ «ካሜራው አይቶሃል» ማለት አንድ ጊዜ ከተነቃ እምነቱን ከሁለቱም ወገን ያጠፋዋል።

በኛ ጉዳይ ሰውየው ያልጠበቅነውን ነገር ነገረን። ዓርብ ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ማታ ቤቱ ሆኖ እንደሚያካክስ፣ የቀድሞው የቅርብ አለቃው «ሰዓቱ ከሞላ ግድ የለም» እንዳለው። ሥራ አስኪያጇ «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ልትል አፏን ከፍታ ስትመልሰው አየኋት። ቆየት ብሎ ራሱ ቀጠለ። «ሁልጊዜ ግን አላካክስም ነበር» አለ።

«ካመነ ጉዳዩ አለቀ»

ምኑን ነው ያመነው? ያ ሰው ወዲያው «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብሏል። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ሰባቱም ዓርብ በእሱ ላይ ይጻፍ ነበር። እሷ ግን አመስግናው ወደ ቀኖቹ ተመለሰች። የትኞቹ ናቸው? ከመቼ ጀምሮ? ማን ያውቃል? በኋላ የኮምፒውተር ሲስተሙን መዝገብ ስናይ በ4ቱ ዓርብ ማታ ከቤት ገብቶ ሁለት ሰዓት ያህል ሠርቷል። በ3ቱ ምንም የለም። የቀድሞው አለቃም ያንን ቃል መናገሩን አስታወሰ። ስለዚህ የቀረው የ3 ቀን ጉዳይ ነው፤ አራት ሰዓት ተኩል። ውሸት አይደለም አልልም፤ ውሸት ነው። ግን አሥር ሰዓት ተኩል አይደለም።

የደነገጠ ሰው ከክፍሉ ለመውጣት ብቻ ሁሉንም አዎ ሊል ይችላል። በመጨረሻ ማስታወሻውን አንብቡለት፤ ያልተስማማበትን ያርም፤ ይፈርም። ፊርማው «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት ሳይሆን «የተናገርኩት ይህ ነው» ማለት እንደሆነ በግልጽ ንገሩት።

«ቅጣቱን እዚያው ልንገረውና ይገላገል»

ያልተጣራ ነገር እያለ የተሰጠ ቅጣት በኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ እናንተ ላይ ነው። «ከደመወዝህ ይቆረጣል» የሚለውም በንዴት የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሕግና የድርጅቱ ደንብ አለው። ማጣራቱ እስኪያልቅ ከሥራ ገበታው ይራቅ ከተባለ ይህ ቅጣት እንዳልሆነና ደመወዙ ምን እንደሚሆን ይነገረው።

ከዚያ ክፍል ሲወጣ ሦስት ነገር ይዞ ይውጣ፦ ምን እየተጣራ እንደሆነ፣ መልሱን በየትኛው ቀን እንደሚሰማ፣ እስከዚያ ጥያቄ ቢኖረው ማንን እንደሚያነጋግር። መዝገቦቹንም እንዳይነካ ይነገረው። ለሥራ ባልደረቦቹ ምንም አትናገሩ።

ሥራ አስኪያጇ ሰውየውን «ረቡዕ እጠራሃለሁ» አለችው፤ ረቡዕ ጠራችው። በእጁ የጻፈውን ወረቀት ይዞ መጣ። ሳያካክስ ቀድሞ የወጣባቸው ዓርቦች ተዘርዝረውበታል። አራት ነበሩ። አራተኛው ካየናቸው 8 ሳምንታት በፊት የነበረ፣ እኛ ጨርሶ ያላየነው ቀን ነው።