ስለ ወተት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው፦ በሃይላንድ፣ በላስቲክ ወይስ በቆርቆሮ?

«የሰፈር ወተት ከላሟ ቀጥታ የመጣ ነው፤ ማፍላት ጥቅሙን ይገድለዋል።»

እሳት የሚገድለው ጀርሙን ነው። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራሉ። ከቫይታሚኖቹ ጥቂት ይቀንሳል፤ ያን ያህል የሚያሳስብ ግን አይደለም። የሚያሳስበው ጥሬው ውስጥ ሊኖር የሚችለው ነው፦ የከብት ቲቢና ብሩሴሎሲስ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በጠባብ በረት ተጨናንቀው በሚያድሩ የፈረንጅ ላሞች ላይ የከብት ቲቢ በብዛት እንደሚገኝ በጥናት ታይቷል። የታመመች ላም ደግሞ ጤነኛ መስላ ትበላለች፣ ትታለባለች። ብሩሴሎሲስ ሰው ሲይዝ ሄድ መጣ የሚል ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ምልክቱ ከወባና ከታይፎይድ ጋር ስለሚመሳሰል ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

አፈላሉም ቁም ነገር አለው። ብዙዎቻችን አረፋው ገንፈል ሲል እሳቱን እናጠፋለን። አረፋው ግን ወተቱ ሙሉ በሙሉ ሳይፈላም ይነሳል። እሳቱን ቀንሱና እያማሰላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ ከድናችሁ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፤ ለብ ብሎ ለሰዓታት የቆየ ወተት ቶሎ ይበላሻል። የፈላውን ወደመጣበት ሃይላንድ መልሶ መገልበጥ ደግሞ ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ጥሬው የነካው ዕቃ ነውና።

እሳት ላይ ሲወጣ ከተቆራረጠስ? መኮምጠጥ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ከታለበ ብዙ ቆይቷል፣ ወይም የማታው ከጠዋቱ ጋር ተቀላቅሏል። አንዴ ሊያጋጥም ይችላል። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

«ለእርጎ ከሆነ ጥሬውን ማርጋት ነው፤ ኮምጣጣው ራሱ ጀርሙን ይገድለዋል።»

መኮምጠጡ ብዙ ጀርም ያዳክማል። የብሩሴሎሲስና የቲቢ ጀርሞች ግን ኮምጣጣ ወተት ውስጥ ለቀናት ሊሰነብቱ ይችላሉ። እርጎ ደግሞ ማን ያስቀምጠዋል? በሁለት በሦስት ቀን ያልቃል። ዕቃውን በወይራ ማጠን ጥሩ ልማድ ነው፤ መዓዛ ይሰጣል፣ መበላሸትንም ያዘገያል። የእሳትን ሥራ ግን አይተካም።

«የፈላ ወተት አይረጋም» የሚሉም እውነት አላቸው። ማፍላት ወተቱን የሚያረጉትን ደግ ባክቴሪያዎችም አብሮ ይገድላል። ስለዚህ እንዲሁ ቢቀመጥ ከመርጋት ይልቅ ሊበላሽ ይችላል። መፍትሔው እርሾ ነው። ወተቱ ፈልቶ ጣት የሚችለው ያህል ለብ ሲል፣ ከቀድሞው ጥሩ እርጎ ሁለት ሦስት ማንኪያ ለአንድ ሊትር ጨምሮ መክደን። የቀድሞው እርጎም ከፈላ ወተት የተሠራ መሆን አለበት፤ አለዚያ በበር ያስወጣነውን በመስኮት መልሰን አስገባነው።

«እኔ ሁሌም አፍልቼ ነው የምጠቀመው፤ ከየትም ብገዛ ግድ የለኝም።»

እሳት የማይነካው አንድ ነገር አለ፤ አፍላቶክሲን ይባላል። የሻገተ መኖ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ላሟ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ስትበላ ከፊሉ ወደ ወተቷ ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አውሮፓ ከምትፈቅደው መጠን በላይ ነበራቸው። ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ በጣም ላላ ያለውን የአሜሪካንም ወሰን አልፈዋል። ዋነኛው ጥርጣሬ ያረፈው ፋጉሎው ላይ ነው። በአንድ ብርጭቆ የሚያሳምም ነገር አይደለም፤ ለዓመታት ሲጠራቀም ጉበትን የሚጎዳ ነው።

መታሸግም አያጠፋውም። ፋብሪካውም ወተቱን የሚሰበስበው ከእነዚሁ አርቢዎች ነውና። ከሰፈር የሚገዛ ሰው ግን አንድ ዕድል አለው፤ በረቱ ድረስ ሄዶ ማየት። ፋጉሎው ከመሬት ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ ተቀምጧል? ወይስ ርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተከምሮ አረንጓዴ አውጥቷል? ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ውኃ የመቀላቀሉን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ብልጥ ሻጭ መቅጠኑን ለመሸፈን ዱቄት ሊጨምርበት ይችላል። ከጠረጠራችሁ ጥቂት ወተት አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን ጠብ አድርጉበት። ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ዱቄት አለበት። የሞከራችሁበትን ድፉት።

«የታሸገው ቀጭን ነው፣ ውኃ ነው። ንጹሕ ስለሆነ ግን ከሱቅ አምጥቶ መጠጣት ይቻላል።»

የሚቀጥነው ብዙውን ጊዜ ቅባቱ በከፊል ለቅቤና ለክሬም ስለሚነሳ ነው። እንደ ሰፈሩ ወፍራም ቆዳ አይሠራም፤ ይህ ብቻውን ውኃ ተጨምሮበታል አያሰኝም።

ንጽሕናው ላይ ግን ረጋ እንበል። ፓስቸራይዝ ማድረግ ማለት ወተቱን ለምሳሌ 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ አሙቆ ወዲያው ማቀዝቀዝ ነው። አደገኞቹ ጀርሞች ይሞታሉ። የሚያበላሹት ግን ሁሉም አይሞቱም፤ ቅዝቃዜ ነው የሚይዛቸው። የላስቲኩ ወተት 4 ዲግሪ አካባቢ ካልቆየ የታተመበት ቀን ትርጉም የለውም። ባለሱቁ ሌሊት ፍሪጁን ከሶኬት ይነቅላል? መብራት ከጠፋ ስንት ሰዓት ሆነ? ላስቲኩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ መቀዝቀዝ አለበት። ከተነፋ ተዉት። ጠዋት ሲራገፍ መግዛት ይሻላል። ስለ ፍሪጁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ምንም ነውር የለውም።

ሳይከፈት ከፍሪጅ ውጭ ለወራት የሚቆየው በካርቶን ያለው ነው። እሱ ከ135 ዲግሪ በላይ ግሎ የታሸገ ነው። አንዴ ከተከፈተ ግን እንደማንኛውም ወተት ፍሪጅ ይገባል።

«ዱቄት ወተት ኬሚካል ነው፤ ደግሞም የሀብታም ነው።»

ውኃው የተነሳለት ወተት ነው። አንድ ሊትር ለመበጥበጥ 130 ግራም ያህል ይበቃል። የ900 ግራም ቆርቆሮ ሰባት ሊትር ገደማ ይወጣዋል። ስለዚህ የቆርቆሮውን ዋጋ ለሰባት አካፍሉት። ለስሌት ያህል 2,100 ብር ቢሆን ሊትሩ 300 ብር ይመጣል። በቀን ሁለት ሊትር ለሚጨርስ ቤተሰብ ከሰፈሩ ወተት ጋር አይወዳደርም።

አሁን ብቻውን የሚኖር፣ ፍሪጅ የሌለው ተከራይ አስቡ። በቀን አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የሚጠጣው። ግማሽ ሊትር ላስቲክ ገዝቶ ግማሹ ማታ ከተበላሸበት፣ ለሊትሩ የከፈለው እጥፍ ነው። ላስቲኩ 75 ብር ቢሆን ለጠጣው ሊትር 300 ብር ወጣ ማለት ነው፤ ከቆርቆሮው ጋር እኩል። ለእሱ 33 ግራም ዱቄት በፈላ ውኃ መበጥበጥ ያዋጣዋል። ክዳኑ በደንብ ከተገጠመና ደረቅ ማንኪያ ብቻ ከገባበት ቆርቆሮው ከተከፈተም በኋላ ለሳምንታት ይቆያል። የተበጠበጠው ግን ወተት ነው፤ ይበላሻል።

ሲገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ርካሽ ዱቄት የወተት ቅባቱ ተነስቶ የአትክልት ቅባት የተተካበት ነው። መርዝ አይደለም፤ ግን በሙሉ ወተት ዋጋ መግዛት የለብንም። በኪሎ እየተመዘነ በፌስታል የሚሸጠው ደግሞ ቀንም ስምም የለውም፤ እሱን ባትገዙት እመርጣለሁ። ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ተራ ዱቄት ወተት የፎርሙላ ምትክ አይደለም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፤ እሱ የማይቻል ከሆነ ምን እንደሚሰጥ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።